ማይኩ ለምን ይጮኻል? የሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግመው ለሚጠይቁት የተሰጠ መልስ

ይህ ማስታወሻ የቤተ ክርስቲያናቸውን የድምፅ መሣሪያ ለሚያስተዳድሩ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ሚክሰሩ ላይ ለሚቀመጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የሚያወራው ስለ አንድ ችግር ብቻ ነው፤ ቅዳሴው ወይም ስብከቱ መሀል ድንገት ተነሥቶ ምእመኑን ጆሮውን ስለሚያስይዘው ፉጨት። የድምፅ ባለሙያዎች ፊድባክ ይሉታል። አብዛኛው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዕቃውን ከቦታው ማንቀሳቀስና ማይክ የሚይዘውን ሰው ማስለመድ ነው።

ማይኩ ሲጮኽ በትክክል ምን እየሆነ ነው?

ማይክ የሰባኪውን ድምፅ ለይቶ አይሰማም፤ ፊቱ የደረሰውን ሁሉ ይቀበላል። ሰባኪው ሲናገር ድምፁ በሚክሰሩና በአምፕሊፋየሩ አልፎ በስፒከሩ ይወጣል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከፊሉ ተመልሶ ማይኩ ላይ ይደርሳል። ማይኩም እንደ አዲስ ድምፅ ተቀብሎ ይልከዋል፤ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይመለሳል።

ቁም ነገሩ ያለው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከበፊቱ አንሶ ነው ወይስ በልጦ የሚለው ላይ ነው። አንሶ ከመጣ በየዙሩ እየደከመ ይጠፋል። በልጦ ከመጣ በየዙሩ እያደገ ይሄዳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስፒከሩ ከማይኩ 3 ሜትር ቢርቅ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ በአንድ ሰከንድ ከ110 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። በየዙሩ አሥር በመቶ ብቻ ቢጨምር በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ከ200 እጥፍ በላይ ያድጋል። ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ እጁን እስኪዘረጋ የማይጠብቀው ለዚህ ነው። የሚያቆመውም አምፕሊፋየሩ ከዚያ በላይ መስጠት ሲያቅተው ብቻ ነው።

ጩኸቱ የንግግር ድምፅ ሳይሆን አንድ ቀጭን ወይም ወፍራም ፉጨት የሚሆነው ደግሞ ሁሉም ድምፅ እኩል ስለማይመለስ ነው። ማይኩ፣ ስፒከሩና ግድግዳው ተባብረው ከሌላው አብልጠው የሚያጎሉት አንድ ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ ከልኩ የሚያልፈውም እሱ ነው። ማይኩን አንድ እርምጃ ስታንቀሳቅሱት ፉጨቱ ቃናውን የሚቀይረው መንገዱ ስለተለወጠ ነው። ይህን ማወቅ በኋላ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ኢኳላይዘር ስንነካ ይጠቅመናል።

ጩኸቱ ከመምጣቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ሰባኪው ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ድምፁ በባዶ እንስራ ውስጥ እንደተናገሩት ጥቂት ይንዘረዘራል። ያን ጊዜ የሚመለሰው ድምፅ ከልኩ በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ነው። ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት ይህን መንዘር በጆሮው መለየት ነው።

ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም? ወይስ ትልቅ ሞንታርቦ ብንገዛ ይሻላል?

የሚጮኽ ማይክ ብዙውን ጊዜ ደህና ማይክ ነው። የተበላሸ ማይክ ወይም የተቆረጠ ኬብል ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ሳያቋርጥ ወፈር ብሎ «ም…ም…ም» የሚል፣ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ማጉያ መዞሪያ፣ ብትጨምሩም ብትቀንሱም ቃናውን የማይቀይር ድምፅ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከዚህ ማስታወሻ ውጭ ነው።

ትልቅ አምፕሊፋየርና ትልቅ ሞንታርቦ መግዛት በዚህ ጉዳይ አንድ እርምጃ አያራምድም። ጩኸቱን የሚወስነው የተመለሰው ድምፅ ከሰባኪው ድምፅ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ስፒከሩ ኃይለኛ ሲሆን የሰባኪውም የተመለሰውም ድምፅ አብረው ያድጋሉ፤ ንጽጽሩ እዚያው ነው። 500 ዋት ላይ የሚጮኽ አዳራሽ 2000 ዋት ላይም ይጮኻል፤ ልዩነቱ ሲጮኽ የሚያሳምመው መጠን ነው። ምእመናን ለድምፅ መሣሪያ ያዋጡት ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠንከር አድርገን እንናገራለን፦ ስፒከሮቹና ማይኮቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ሳይዙ ምንም ዕቃ አትግዙ።

ስፒከሮቹ የት ይቀመጡ?

ጠቅላላው ደንብ ቀላል ነው። ማይኩ ከስፒከሩ ጀርባ ይሁን፤ ስፒከሩ ፊቱን ወደ ምእመኑ፣ ጀርባውን ወደ ማይኩ ይስጥ። ቁመቱ ከቆመ ሰው ራስ በላይ፣ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ይሁንና ፊቱ ትንሽ ወደ ታች ይዘንበል። ወደ ታች ሲያይ ድምፁ የሰው ልብስና ገላ ላይ ያርፋል። ቀጥ ብሎ ሲያይ ግን የኋላውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ጣሪያው ጉልላት ከሆነ ደግሞ ድምፅ ወደ ላይ እንዳይሄድ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተጠማዘዘ ጣሪያ ድምፅን እንደ ጎድጓዳ መስታወት ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይመልሳልና። ማይኩ ያ ቦታ ላይ ከዋለ ስፒከሩ ሩቅ ቢሆንም ይጮኻል።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከሌላ አዳራሽ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። ሰባኪው ፊቱን ወደ ምእመኑ ያዞራል። ቄሱ ግን በቅዳሴ ጊዜ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። የማይክ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ተናጋሪው አፍ ያያል። ስለዚህ የሰባኪው ማይክ ወደ ምሥራቅ ሲያይ፣ የቄሱ ማይክ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ምእመኑና ወደ አዳራሹ ያያል።

ይህ ለስፒከር አሰቃቀል ትልቅ ትርጉም አለው። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ የተሰቀለ ስፒከር ለሰባኪው ማይክ ብዙም አያስቸግርም፤ በጀርባው ነው የሚመጣበት። ለቄሱ ማይክ ግን ፊት ለፊት ይገባል። ስብከት ላይ ደህና የነበረው መሣሪያ ቅዳሴ ላይ ሲጮኽ «ዲያቆኑ ነክቶት ነው» ይባላል፤ ማንም አልነካውም፣ ማይኩ የሚያየው አቅጣጫ ተለውጦ ነው። መጋረጃው ድምፅ ይከለክላል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ጨርቅ ለዓይን ግድግዳ ቢሆንም ድምፅን እምብዛም አያግድም።

ስለዚህ ዋናዎቹ ሁለት ስፒከሮች ከመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ባሉት ዓምዶች ወይም ግድግዳ ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ምእመኑ ያድርጉ። የኋላው ምእመን አልሰማም ካለ ወደ ኋላው ዓምድ ላይ ትንሽ ስፒከር ጨምሩ፤ እሱም ፊቱ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ ድምፁም ዝቅ ይበል። አዳራሹ መሀል ቆሞ ወደ መቅደሱ የሚያይ ስፒከር ግን ካለ አውርዱት።

ማይኩ ከአፍ ምን ያህል ይራቅ?

ከአንድ እስከ ሁለት ጋት፤ በሴንቲ ሜትር ከ7 እስከ 15። ከሁሉም መልሶች ይህን አስቀድመን ብንናገር ደስ ይለን ነበር፤ የሚያስገኘው ውጤት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣልና።

አፍ ከማይክ ያለው ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ማይኩ የሚቀበለው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፤ በጆሮ ሲሰማ 10 ዴሲቤል ልዩነት ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። ማይኩን ደረቱ ላይ፣ ከአፉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዞ የሚናገር ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያደርገው 12 ዴሲቤል ያገኛል። ከስፒከሩ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ግን ማይኩ 30 ሴንቲ ሜትር ስለተንቀሳቀሰ ያን ያህል አይለወጥም። የተናጋሪው ድምፅ በረታ፣ የተመለሰው ባለበት ቀረ፤ ስለዚህ ፌደሩ፣ ማለትም ሚክሰሩ ላይ የማይኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መግፊያ፣ ሊወርድ ይችላል፣ ጩኸቱም ይርቃል።

አያያዙም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት የእጅ ማይክ ከፊቱ የሚመጣውን አጥብቆ፣ ከጀርባው የሚመጣውን አሳንሶ እንዲሰማ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህን የሚያደርገው በወንፊቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ ከኋላ የመጣው ድምፅ በእነሱ ገብቶ ራሱን ያጣፋል። ወንፊቱን በመዳፉ ጨብጦ የሚይዝ ዘማሪ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ማይኩም ከሁሉም አቅጣጫ እኩል መስማት ይጀምራል። ሲጮኽ ደንግጦ ወንፊቱን በእጁ መሸፈን ጩኸቱን የሚያብሰው ለዚህ ነው። እጅ የሚያርፈው ግንዱ ላይ፣ ከወንፊቱ ቢያንስ አራት ጣት ወረድ ብሎ ነው።

መቅደስ ውስጥ ያለው ማይክ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የድምፅ ባለሙያው ምእመን ከሆነ መቅደስ አይገባምና ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ ሊያስተካክለው አይችልም። ስለዚህ ለተረኛው ዲያቆን አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል። ስታንዱ በቄሱ ፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቁም፤ መጽሐፉንም እጁንም እንዳይጋርድ። የማይኩ ራስ ከአገጭ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ አፍ ይመልከት፤ ርቀቱም ከአንድ ስንዝር አይበልጥ። ቁመቱ ለረጅሙም ለአጭሩም ቄስ አንድ መሆን ስለማይችል ዲያቆኑ የስታንዱን ማጥበቂያ መፍታትና ማጥበቅ ይለማመድ። አንገቱ የሚላላ ስታንድ ካለ ይቀየር፤ ቅዳሴው እኩል ላይ ሲደርስ ማይኩ ወደ መሬት ካየ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ጌይን ከመጨመር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከዚያም ይጮኻል።

ልብስ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሹ ማይክ ለምን ይበልጥ ያስቸግራል?

ሁለት ምክንያት አለው። አብዛኛው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማል፤ ከአፍም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሰባኪው ራሱን ሲያዞር ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። እየተንቀሳቀሰ ለሚሰብክ አገልጋይ ጆሮ ላይ ተሰክቶ ከከንፈር ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚቆመው ማይክ እጅግ ይሻላል። ኮሚቴው አንድ ዕቃ ለመግዛት ከወሰነ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

በማኅሌት ጊዜ ስንት ማይክ እንክፈት?

በተቻለ መጠን ጥቂት። የተከፈተ ማይክ ሁሉ፣ ማንም ባይናገርበትም፣ ከስፒከር የሚመጣውን ድምፅ ይሰበስባል። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ከጩኸቱ በፊት ያላችሁ ክፍተት በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአንድ ወደ ሁለት 3፣ ወደ አራት 6፣ ወደ ስምንት 9 ዴሲቤል ታጣላችሁ።

ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ ለእያንዳንዱ ማይክ መስጠት አያስፈልግም። ለመሪው አንድ፣ ለተመሪው ወገን አንድ ይበቃል። ከበሮው ማይክ አያስፈልገውም፤ በራሱ ጉልበት አዳራሹን ይሞላል፣ ጸናጽሉም እንዲሁ። ከበሮ አጠገብ የተከፈተ ማይክ ወፍራሙን ድምፅ ሰብስቦ ቤቱን ያስጓራል እንጂ ዜማውን አያጎላም። ስብከት ሲጀመር የማኅሌቱ ማይኮች ሁሉ ይዘጉ። ቅዳሴ ላይም ቄሱ ሲያዜም የሰባኪው ማይክ አትሮኖሱ ላይ ተከፍቶ መዋል የለበትም። ሚክሰሩ ላይ ባለው ልጅ ፊት የአገልግሎቱ ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ተጽፎ ቢቀመጥ፣ በየትኛው ክፍል የትኛው ማይክ እንደሚከፈት ቢሰፍር፣ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? በምሳሌ ቢታይ?

አንድ አዳራሽ እንውሰድ። አምስት ማይክ ተከፍቷል፤ አራቱ የመዘምራን ናቸው፣ ስብከት ላይ ማንም አልዘጋቸውም። ሰባኪው ማይኩን ከአፉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዞታል። ስፒከሩ ከእሱ 2 ሜትር ርቆ በጎኑ ቆሟል። የኋላው ምእመን አልሰማም ይላል፤ የሁሉንም ማይኮች ድምፅ በአንድነት የሚቆጣጠረው ማስተር ትንሽ ከፍ ሲል ይጮኻል።

መጀመሪያ አራቱን ማይክ እንዝጋ። ከአምስት ወደ አንድ ስንወርድ 7 ዴሲቤል እናገኛለን። ከዚያ ሰባኪው ማይኩን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያቅርብ፤ 12 ዴሲቤል ነው። እስካሁን 19 ዴሲቤል ሆነ፤ ድምፁ ለጆሮ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ ማለት ነው። ቀጥሎ ስፒከሩን ከ2 ወደ 4 ሜትር አርቀን ወደ ምእመኑ ገፋ እናድርገው። ሜዳ ላይ ቢሆን ርቀቱ እጥፍ ስለሆነ 6 ዴሲቤል እናገኝ ነበር፤ ግድግዳ ባለው አዳራሽ ግን ድምፅ እየተንጸባረቀ ስለሚመለስ ከዚያ ያነሰ ነው፣ 2 ወይም 3 ብለን እንያዘው።

የኋላው ምእመን እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ብንጨምር ከ10 በላይ ተቀማጭ ይተርፈናል። ለደኅንነት ሁልጊዜ 6 ዴሲቤል ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ያም አለን። አንድም ዕቃ አልተገዛም። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ፤ ከሁሉ የበለጠውን የሰጠው የሰባኪው ክንድ ነው።

ኢኳላይዘሩን እንዴት እንጠቀምበት?

ቦታው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ሲል ይሠራል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ማይኩ ጋ፣ ሌላው ሚክሰሩ ጋ። ባዶ አዳራሽ ሰው ከሞላበት ይልቅ ድምፅ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ባዶውን ከቻለ እሑድ የተሻለ ይሆናል።

ባለ 31 መስመር ኢኳላይዘር ካላችሁ ሁሉንም መግፊያ መሀል ዜሮ ላይ አድርጉ። አንድ ማይክ ብቻ ክፈቱ፤ ማይኩም ስፒከሩም በእሑድ ቦታቸው ይሁኑ። ሚክሰሩ ላይ ሎው ከት የሚባል ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን፣ ለንግግር የማይጠቅመውን ጉርምርምታ ያስቀራል። ረዳቱ በተለመደው ድምፁ እየተናገረ ጌይኑ ይስተካከል፤ ቀይ መብራት መብራት የለበትም። አሁን ረዳቱ ዝም ይበልና ፌደሩን በጣም በዝግታ ወደ ላይ ግፉት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ከሩቅ እንደሚሰማ ፉጨት ቀጭን መንዘር ይነሣል። እዚያው አቁሙ። አትጨምሩ፤ የረዘመ ጩኸት የስፒከሩን ትንሹን ክፍል፣ ትዊተሩን፣ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ጆሮንም ይጎዳል።

ያ ድምፅ ስንት ሄርዝ እንደሆነ ለማወቅ ስልክ ላይ የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ፤ በነጻ የሚገኙ አሉ። ፉጨቱ በስክሪኑ ላይ ከሌላው ተለይቶ እንደ ሹል ጫፍ ብቅ ይላል። ቁጥሩ 2430 ካለ ኢኳላይዘሩ ላይ የሚቀርበው 2500 የሚለው መግፊያ ነው። እሱን 3 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ አድርጉ። ፉጨቱ ይጠፋል። ፌደሩን እንደገና ግፉ፤ አሁን ሌላ ይነሣል፣ ለምሳሌ 640 አካባቢ፤ 630 የሚለውን 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ስልኩ ባይኖር ጆሮም ይረዳል፦ ጉጉት እንደሚጮኸው «ሁ» የሚል ከሆነ ከ200 እስከ 500፣ ሰው በከንፈሩ እንደሚያፏጨው ከሆነ ከ1000 እስከ 2000፣ እንደ መርፌ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ከ3000 ሄርዝ በላይ ነው።

መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ከመጀመሩ ይከብዳል። አራት ወይም አምስት መግፊያ ዝቅ ካደረጋችሁ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ፉጨት አብሮ መነሣት ከጀመረ፣ ጨርሳችኋል። ከዚያ በላይ ስትሄዱ የምታወርዱት ራሱን የንግግሩን ድምፅ ነው፤ ሰባኪው ከሣጥን ውስጥ እንደሚናገር ሆኖ ይሰማል፣ «አይሰማም» ይባልና ማስተሩ ይጨመራል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በመጨረሻ ፌደሩን ከደረሰበት 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ጎኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ መስመር በላይ ማንም አይግፋ። የኢኳላይዘሩንም ፎቶ አንሡ፤ ልጆች ሲነካኩት መመለሻ ይሆናችኋል።

ሚክሰራችሁ ሃይ፣ ሚድ፣ ሎው የሚሉ ሦስት መዞሪያዎች ብቻ ካሉት አንዱን ፉጨት ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። «ሁ» ለሚለው ሎውን ወይም ሚድን፣ ለሚወጋው ሃይን ትንሽ ቀንሱ፤ የቀረውን ከማይኩ ርቀትና ከስፒከሩ ቦታ ፈልጉ።

ፊድባክ የሚያጠፋ መሣሪያ አለ ይባላል፤ ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን በልኩ። መሣሪያው ያንኑ ከላይ የተናገርነውን በራሱ ያደርጋል፤ ፉጨቱን ለይቶ በጠባቡ ይቆርጣል። የሚጨምርላችሁ ጥቂት ዴሲቤል ነው። የተሳሳተ ቦታ የተቀመጠ ስፒከርን አያርምም። አንድ ችግርም አለው፤ የተራዘመ የዜማ ድምፅን ፊድባክ መስሎት ሊቆርጠው ይችላል። ዜማችን ደግሞ ድምፅ ጎትቶ የሚያቆይ ነውና ቅዳሴ ላይ ሲጠቀሙበት መጠንቀቅ ይገባል።

መዘምራን ራሳችንን አንሰማም እያሉ ሞኒተር ይጠይቃሉ። እንስጣቸው?

ስጧቸው፤ ራሱን የማይሰማ ዘማሪ ቃናውን ይስታል። ነገር ግን ሞኒተር ከማይክ አጠገብ የሚቀመጥ ስፒከር ስለሆነ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ተራው የእጅ ማይክ ከሁሉ አሳንሶ የሚሰማበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከጀርባው ስለሆነ ሞኒተሩ በማይኩ ጀርባ ትክክል ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ደካማው አቅጣጫ ቀጥታ ጀርባው ሳይሆን ከጀርባው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከ50 ዲግሪ በላይ ዞር ብሎ ነው፤ ሞኒተሩም ወደ ጎን ይውጣ። የማይኩን ዓይነት ካርቶኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ሞኒተሩ ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ አስገቡ፤ የመሪውን ድምፅና የዜማ መሣሪያውን። የሃያ ዘማሪ ድምፅ ተመልሶ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም።

አገልግሎት መሀል ቢጮኽ ወዲያው ምን እናድርግ?

ማስተሩን አትዝጉ፤ ቅዳሴው ይቋረጣል፣ ስትከፍቱትም ያው ጩኸት ይጠብቃችኋል። መጨረሻ ላይ የተከፈተውን ወይም የተጨመረውን ማይክ ፌደር በጣት ስፋት ያህል ዝቅ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልሆነ ማንም የማይናገርባቸውን ማይኮች ዝጉ። ማይክ የያዘው ሰው ደግሞ ማይኩን ወደ አፉ ያቅርብ እንጂ ከፊቱ አርቆ ወደ ታች አያውርደው፤ ወደ ታች ሲያወርደው ወለል ላይ ካለው ሞኒተር ጋር ያፋጥጠዋል። በማይክ ወደ ስፒከሩ መቅረብም አይገባም፤ ቡራኬ ሲሰጥም ሆነ ምጽዋት ሲሰበሰብ በእጅ ማይክ የሚዞር ሰው በየትኞቹ ስፒከሮች ፊት ማለፍ እንደሌለበት ቀድሞ ይነገረው። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ብታደርጉለት የበለጠ ነው።

በስልክ ቀጥታ ስናስተላልፍ ድምፁ ደጋግሞ የሚመለሰው ያው ችግር ነው?

ዘመዱ ነው። ሥርጭቱን የሚከታተለው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ድምፁ ተከፍቶ ከማይክ አጠገብ ሲቀመጥ ድምፁ ብዙ ሰከንድ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ፉጨት ሳይሆን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደጋገም ይሆናል። ማስተላለፊያው ድምፅ ከሚክሰሩ በኬብል ይውጣ፤ የሚከታተለውም ሰው በጆሮ ማዳመጫ ይስማ።